«ሞኒተሩ ማንኛውም ይሆናል» ላለው ወንድማችን፦ አይሆንም

«ለሹተር ጌም ኮምፒውተር ስትገጣጥሙ ብራችሁን ግራፊክስ ካርዱ ላይ አውሉት። ሞኒተሩ ማንኛውም ይሆናል፤ የቢሮ 60 ሄርዝም ቢሆን ችግር የለውም። ዋናው የፍሬም ብዛት ነው።»

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። የላከልኝ ግን ሊገዛ ሲያስብ ሳይሆን አንተ ባልከው መሠረት ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

ልጁ የነበረው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው፤ ኮር አይ 5-8500፣ 16 ጊጋ ራም። እዚህ አካባቢ ብዙ ልጅ የሚጀምረው እንዲህ ካለው ማሽን ነው፤ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ካርድ ይሰካበታል፣ ጌም ይጫንበታል። ያጠራቀማትን ብር ከሞላ ጎደል በሙሉ ያገለገለ አርኤክስ 580 ላይ አዋላት። ሞኒተሩ ቤት የነበረው አሮጌው 60 ሄርዝ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው ችግር ከዋናው ጉዳያችን፣ እጅ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ካለው መዘግየት ጋር አይገናኝም፤ ግን ከሞኒተር በፊት ካርድ ሲባል ይህም አብሮ ይመጣልና ልናገረው። አርኤክስ 580 እስከ 185 ዋት ይበላል፤ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድም ይፈልጋል። የቢሮ ማሽኑ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ሻጩ «ችግር የለም» ብሎ ከሳታ የሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ሰጠው። አንድ የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልቱ መስመር የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው። ማሽኑ ጨዋታ መሃል ጥፍት ይላል። ከፍቼ ሳየው የማገናኛው ነጭ ፕላስቲክ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፤ በጣቴ ስነካው ያቃጥላል። ትንሽ ቢቆይ ይቀልጥ ነበር።

እሺ፣ ይህን በሌላ ፓወር ሰፕላይ ለጊዜው አስተካከልነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ሲከፈት፣ ቪ-ሲንክ የሚባለው የምስል መቀደድ መከላከያ ከጠፋ፣ ከላይ ያለው ቁጥር 150 ፍሬም አካባቢ ይላል። ልጁ ግን አልተመቸውም። «ጋሼ፣ ማውሱ ነው ወይስ እጄ ነው የከበደኝ?» አለኝ። እጁም ማውሱም አልነበሩም።

60 ሄርዝ ሞኒተር አዲስ ምስል የሚስለው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው። 144 ሄርዙ በየ6.9። ካርዱ 150 ቢሠራም ሞኒተሩ የራሱን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚስለው። በዚያ ላይ ምስሉ አንዴ ብልጭ ብሎ አይወጣም፤ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየወረደ ነው የሚሳለው። የማነጣጠሪያው መስቀል ደግሞ መሃል ላይ ነው ያለው። 60 ሄርዝ ላይ መሃሉ ጋ እስኪደርስ ብቻ 8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል።

ግማሽ እውነት አለህ፣ እሱን አልክድም። 60 ሄርዝ ላይም ቢሆን 150 ፍሬም ከ60 ፍሬም ይሻላል፤ ሞኒተሩ ሊስል ሲል የሚያገኘው ምስል ትኩስ ስለሚሆን። ነገር ግን የዚህ ጥቅም ጣሪያ አለው፣ ጣሪያውም ሞኒተሩ ነው።

በቃል ብቻ እንዳይሆን ለካነው። በሴኮንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ካለህ አንተም መለካት ትችላለህ። ስልኩን ማውሱም ስክሪኑም አብረው እንዲታዩ አድርገህ አቁም። ስሎው ሞሽን ላይ አድርገህ ጌሙ ውስጥ አንድ ግድግዳ ፊት ቆመህ ተኩስ። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያሳለፍክ፣ ጣትህ ቁልፉን ከተጫነበት ጀምሮ ከመሣሪያው አፈሙዝ ብልጭታው እስኪወጣ ስንት ፍሬም እንዳለ ቁጠር። አንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሰህ አትመን፤ ሃያ ጊዜ ተኩሰህ አማካዩን ውሰድ፣ ምክንያቱም ጣትህ ከሞኒተሩ ሰዓት ጋር የሚገጥመው እንደ ዕድል ነው።

በአርኤክስ 580 እና በ60 ሄርዙ፣ ቪ-ሲንክ ጠፍቶ፣ አማካዩ 11 ፍሬም ሆነ። ወደ 46 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ከዚያ ካርዱን ሸጥነው። በምትኩ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ተገዛ፤ የተረፈው ብር ያገለገለ ባለ 24 ኢንች 144 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ዋለ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ሳምንት ሐሰት ይሆናል። ጠቅላላው ግን ከመጀመሪያው ብር ብዙም አልዘለለም። በዚህኛው ስንለካ 7 ፍሬም ወጣ፣ 29 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። 1650 በጥሬ ጉልበት ከ580 ያንሳል። ፈጣኑን ሞኒተር ስለያዘ ግን እጅን ቶሎ የሚያሳየው እሱ ሆነ።

1650 የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ራሱ ኃይሉን ያገኛል፤ የቢሮ ማሽኑ ፓወር ሰፕላይ ሳይነካ ይሠራል። አንዳንዱ 1650 ግን ባለ 6 ፒን ማገናኛ አለው፤ ስትገዛ ጠርዙን አይተህ ግዛ። ሁለተኛውን ከታች እመጣበታለሁ።

ካርድ ለመግዛት የቋመጠ ደግሞ አስቀድሞ አንድ ነገር ይሞክር። አሁን ባለው ካርድ ጌሙን ከፍቶ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 ያውርደው። የፍሬሙ ቁጥር ካልጨመረ የያዘው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርድ ቢቀይር ብሩ ባከነ ማለት ነው። ካውንተር ስትራይክም ሆነ ቫሎራንት ዝቅተኛ ሴቲንግ ላይ ፕሮሰሰር ላይ የሚጨክኑ ጌሞች ናቸው። የእህቴን ልጅ ኮር አይ 5 ስንሞክር በሁለቱም ካርዶች የተቀራረበ ቁጥር ነው የሰጠን። ትልቁ ካርድ ሥራ ፈትቶ ነበር የቆመው።

«ሞኒተር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 1 ሚሊ ሰከንድ የሚል ካለ፣ አለቀ፣ ፈጣን ነው።»

አላለቀም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው አንድ የስክሪን ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ የሚቀየርበት ጊዜ ነው። እሱም በጣም በተመቸው ሁኔታ የተለካ ነው። አንተ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ምስሉ በኬብሉ ከገባ በኋላ ሞኒተሩ ስንት ጊዜ ይዞት እንደሚቆይ። ሁለቱ አይገናኙም። ይኸኛው ደግሞ ካርቶን ላይ አይጻፍም። ቴሌቪዥን ላይ ጌም ሞድ ሳይበራ ተጫውተህ የምታውቅ ከሆነ የያዘውን ታውቀዋለህ፤ ቀለሙ ያምራል፣ እጅህ ግን ከኋላ ይጎተታል።

አንዳንዱ 1 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ የሚገኘው የጀርባ መብራቱን በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ነው። ያን ስታበራ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሞኒተሩ የሚስልበትን ሰዓት ከካርዱ ጋር የሚያስማማው ፍሪሲንክም በብዙ ርካሽ ሞኒተሮች ላይ አብሮ አይሠራም። ሌላው የሚገኘው ኦቨርድራይቭ የሚባለው የሞኒተሩ ሴቲንግ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የሚሮጥ ሰው ከኋላው ነጭ ጥላ ይጎትታል። እሱን ካየህ ወደ መካከለኛው መልሰው፤ ያ ነው ትክክለኛው።

አሁን ለእኛ አገር ብርድ። ኤልሲዲ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲበርደው ይወፍራል፣ ሲወፍር ቀለም ለመቀየር ይዘገያል። በሁሉም ኤልሲዲ ላይ አለ፤ ቪኤ የሚባለው ፓነል ላይ ግን ይብሳል፣ በተለይ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየር። ርካሹ ጎበጥ ያለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪኤ ነው። ጎረቤቴ አንድ አለው። በታኅሣሥ ጠዋት፣ ጓሮው ሣር ላይ አመዳይ እንዳለ፣ ጨዋታ ከፍተን ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስንዞር የግድግዳው ጠርዝ እንደ እርጥብ ቀለም ይታበሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሞኒተሩ ራሱን ሲያሞቅ፣ እዚያው ኮሪደር ውስጥ መታበሱ ቀንሶ አገኘሁት። ለአዳማ ልጅ ይህ ብዙም ላያስጨንቀው ይችላል። ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበር፣ ለመንዝ ልጅ ግን ምክሬ ግልጽ ነው፤ አይፒኤስ የሚባለውን ፓነል ፈልግ። ካጣህ ያገለገለ ቲኤን ውሰድ። ቲኤን ቀለሙ የገረጣ ነው፣ ከጎን ሲያዩት ይገለበጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን ፈጣን ነው። ቪኤ ከያዝክ ደግሞ ከመጫወትህ በፊት ቀደም ብለህ አብራው።

«ምስሉ እንዳይቀደድ ቪ-ሲንክ ሁልጊዜ ይብራ። ካርዱ 99 ፐርሰንት ሲሠራ ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ብራችሁ ሥራ ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ነው በጣም የምቃወምህ፤ ምክንያቱም ይህን የሚያነብ ልጅ ጥሩ ዕቃ ገዝቶም ላግ ይዞ ይቀመጣል።

ወፍጮ ቤት አስብ። ፕሮሰሰሩ እህል ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ነው፣ ካርዱ ወፍጮው ነው። ወፍጮው ለአፍታም ሥራ ካልፈታ ምን ማለት ነው? በር ላይ ጆንያ ተደርድሯል ማለት ነው። አንተ አሁን ያመጣኸው ጆንያ ከፊቱ ያሉት እስኪፈጩ ተራ ይጠብቃል። ጆንያው ማለት የማውስህ እንቅስቃሴ ነው። ካርዱ 99 ፐርሰንት ላይ ሲሆን ፍሬሞቹ ወረፋ ይይዛሉ፤ ስክሪኑ ላይ የምታየው ከሁለትና ከሦስት ፍሬም በፊት የነበረውን እጅህን ነው። ወፍጮው ትንሽ ትንፋሽ ካለው ግን ጆንያው እንደደረሰ ይፈጫል።

ቪ-ሲንክ ደግሞ የተፈጨውን ዱቄት በር ቆልፎ የሚይዝ ነው። በሩ የሚከፈተው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። በዚያው በ60 ሄርዙ ሞኒተርና በአርኤክስ 580 ቪ-ሲንክን አብርተን ስንለካ 11 የነበረው 21 ፍሬም ሆነ። 88 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ልጁ መጀመሪያ የተጫወተው እንዲህ አድርጎ ነበር፤ አንተ ስላልከው።

መፍትሔው የፍሬሙን ቁጥር ካርዱ ሳይጨነቅ ከሚችለው ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። ተኩሱና ጭሱ በበዛበት ቦታ ላይ ሆነህ Task Manager ውስጥ Performance ግባና GPU የሚለውን ተመልከት። ከ95 በታች እስኪሆን ሴቲንጉን አውርድ፤ ጥላና የምስል ማለስለሻን መጀመሪያ። ከዚያ እሰር። ልጁ 144 ሄርዝ ሞኒተሩን በዲስፕሌይፖርት ኬብል አገናኝቶ ፍሪሲንክ ስላበራ፣ በካውንተር ስትራይክ ኮንሶል የጻፈው ይህን ነው፦

```
fps_max 138
```

138 የሆነው ፍሪሲንክ ከ144ቱ ጣሪያ በታች ብቻ ስለሚሠራ ነው። ጣሪያውን ሲነካ ወይ ምስሉ ይቀደዳል፣ ወይ ቪ-ሲንክ ከበራ የበሩ ቁልፍ ይመለሳል። ፍሪሲንክ የሌለው ሞኒተር ያለህ ከሆነ 138 ላይ መታሰር የለብህም፤ ካርዱ ከ95 በታች ሆኖ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ላይ እሰረው። ምስሉ አንዳንዴ ይቀደዳል። 144 ሄርዝ ላይ መቀደዱ ትንሽ ነው፤ ቻለው።

1650ን የመረጥኩበት ሁለተኛ ምክንያት እዚህ ጋ ይመጣል። ኤንቪዲያ በ2020 ያወጣው ሪፍሌክስ የሚባል ነገር አለ፤ ከጂቲኤክስ 900 ጀምሮ ባሉ ካርዶች ላይ ይሠራል። ሥራው በር ላይ ያለውን ወረፋ ማጥፋት ነው፤ ባለ እህሉ ከቤቱ የሚነሳበትን ሰዓት ወፍጮው ከሚለቀቅበት ጋር ያስማማል። ካውንተር ስትራይክ 2ም ቫሎራንትም ሴቲንግ ውስጥ አላቸው። NVIDIA Reflex Low Latency የሚለውን Enabled ወይም On አድርገው፣ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ኤኤምዲም አንቲ-ላግ 2 የሚል ተመሳሳይ ነገር በ2024 አምጥቷል፤ አርኤክስ 580 ግን ለእሱ አርጅቷል፣ የድሮው አንቲ-ላግ ብቻ ነው ያለው።

580 መግዛት የፈለገ አይግዛ አላልኩም። በቂ ፓወር ሰፕላይ ላለው ጥሩ ካርድ ነው። ሲገዛ ግን ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍቶ Shaders የሚለውን ይይ። ዋናው 580 ላይ 2304 ነው። 2048 ካለ ስሙ 580 ሆኖ የተሸጠ የተቀነሰ ካርድ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መውረድ አለበት።

«እኛ አገር ፒንግ ከ100 በላይ ነው። እዚህ ላይ 20 ወይም 30 ሚሊ ሰከንድ ከሞኒተር ቢቀነስ ማን ያየዋል?»

እጅህ ያየዋል። ፒንግና የሞኒተር መዘግየት ሁለቱም በሚሊ ሰከንድ ስለሚቆጠሩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚጎዱህ ግን በተለያየ ቦታ ነው።

ማውሱን ስታዞር መስቀሉ የሚዞረው እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ነው፤ ሰርቨሩን አይጠይቅም። ፒንግህ 150 ቢሆንም መስቀሉ ከእጅህ ጋር እኩል ይሄዳል። ስትተኩስም ሰርቨሩ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ፣ በተኮስክበት ቅጽበት ስክሪንህ ላይ ጠላት የት እንደነበር ያሰላል። ስለዚህ ፒንግ ያለበት ሰውም ያየውን ይመታል። ቤትህ ውስጥ ያለውን የ88 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ግን ሰርቨሩ አያውቀውም፣ አይመልስልህም። መስቀሉ ጠላት ላይ ደርሷል ብለህ ስታቆም እጅህ አልፎታል፤ ትመልሰዋለህ፣ እንደገና ያልፋል። ልጁ «ከበደኝ» ያለው ይህንን ነው።

ፒንግ የሚጎዳህ ሌላ ጋ ነው። ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ሲወጣ አንተን ቀድሞ ያይሃል፤ ግድግዳ ጀርባ ከገባህ በኋላም ትሞታለህ። ለዚህ ሞኒተር መድኃኒት አይሆንም፣ አልዋሽም። ግን ሁለቱ መዘግየቶች ይደመራሉ፤ የፒንጉን መቀነስ ባትችል የቤትህን መቀነስ ትችላለህ። ደግሞስ ሁሉም ጨዋታ ኢንተርኔት ላይ ነው እንዴ? ጌም ቤት ውስጥ በአንድ ስዊች ተያይዘው አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ፒንጉ 1 ወይም 2 ነው። እዚያ የሚቀረው መዘግየት በሙሉ ከዕቃው ነው።

«ካርዳችሁ ደካማ ከሆነ ፍሬም ጀነሬሽን አብሩ፤ 70 የነበረው 140 ይሆናል።»

ቁጥሩ ይሆናል። ጨዋታው ግን አሁንም በ70 ነው የሚሠራው። መሃል የሚገባውን ምስል ለመሥራት ካርዱ ቀጣዩን እውነተኛ ፍሬም ይዞ ማቆየት አለበት፤ ስለዚህ ለዓይን ይለሰልሳል፣ ለእጅ ይዘገያል። ታሪክ ያለው ጌም ላይ ተጠቀሙበት። ሹተር ላይ አጥፉት።

«እኔ ራሴ 144 ሄርዝ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፤ ከ60 ምንም ለውጥ አላየሁም።»

አምንሃለሁ። ያላየኸው ሞኒተርህ 60 ላይ ስለነበረ ይመስለኛል። ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ የእህቴ ልጅም የመጀመሪያው ቀን «ምንም የለውም» ብሎ ደውሎልኛል።

ሦስት ቦታ ተመልከት። አንደኛ፣ ኬብሉ ከኋላ የተሰካው የት ነው? ላይ ያሉት፣ ከዩኤስቢው አጠገብ፣ የማዘርቦርዱ ናቸው፤ እዚያ ከሰካህ ካርድህ እያለ የምትጫወተው በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ነው። ካርዱ ታች ነው ያለው፣ አግድም ተጋድሞ። የልጁ ኬብል የተሰካው ከላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ኬብሉ ራሱ። አሮጌ ሞኒተሮች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሲሆን በ1920 በ1080 ብዙ ጊዜ ከ120 ሄርዝ አያልፍም። ቪጂኤ በአዳፕተር ካገናኘህ ደግሞ 144ን እርሳው። ዲስፕሌይፖርት ተጠቀም። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አዲስ ሞኒተር ሲሰካ 60 ላይ ይተወዋል፣ ራስህ ካልቀየርከው አይነሳም። Settings ግባ፣ System፣ ከዚያ Display፣ ከዚያ Advanced display። ታች Choose a refresh rate የሚል አለ።

እሱን ከቀየርክ በኋላ ጌም እንኳ መክፈት አያስፈልግህም። ባዶው ዴስክቶፕ ላይ የማውሱን ቀስት በፍጥነት ክብ አድርገህ አዙረው። 60 ላይ ቀስቶቹ ተራርቀው፣ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ነው የሚታዩት። 144 ላይ ተጠጋግተው ይከታተላሉ። አሁን ሄደህ Choose a refresh rate የሚለው ስር ምን እንደተጻፈ እየውና ጻፍልኝ።